አሥራ ዘጠኝ መልእክት በግማሽ ገጽ፦ ከፈረንሳይኛ ኢ-ሜይል ወደ አማርኛ ማጠቃለያ

በዜና አጻጻፍ ትምህርታችን ረጅም ንግግርን ወይም የስብሰባ ቃለ ጉባኤን ማሳጠር ተምረናል። በሌላ ቋንቋ የተጻፈና ብዙ ሰው የተመላለሰበት ኢ-ሜይል ግን ከሁለቱም ይለያል። ንግግር አንድ ተናጋሪ አለው፤ ቃለ ጉባኤም ቢሆን ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን አስተካክሎ ያቀርበዋል። የኢ-ሜይል ምልልስ ማንም አያስተካክለውም። በዚህ ጽሑፍ እኔ ራሴ የሠራሁትን፣ መጀመሪያ ላይም በደንብ ያበላሸሁትን አንድ ሥራ መነሻ አድርጌ የተማርኩትን አካፍላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር የራዲዮ ክበባችን በፈረንሳይ አገር ከሚገኝ አንድ ትንሽ የማኅበረሰብ ራዲዮ ጋር በስልክ የጋራ የቀጥታ ፕሮግራም ለማዘጋጀት ይጻጻፍ ነበር። የክበቡ ኃላፊ የሆኑት መምህራችን የመጀመሪያውን ደብዳቤ የላኩት በእንግሊዝኛ ነው። የራዲዮዋ አስተባባሪም በእንግሊዝኛ መለሰች። ከአራተኛው መልእክት ጀምሮ ግን ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በፈረንሳይኛ መነጋገር ጀመሩና መምህራችንን በኮፒ ብቻ ያዟቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልእክቱ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ማክሰኞ መጋቢት 16 መምህራችን ጠሩኝና፣ “አንቺ የማታ ፈረንሳይኛ ተምረሻል አሉ። ይህን በአማርኛ ግማሽ ገጽ አድርጊልኝና አጭር መልስ በፈረንሳይኛ አርቅቂልኝ” አሉኝ። መልሱ በፈረንሳይኛ እንዲሆን የፈለጉት ቴክኒሻኑና ገንዘብ ያዧ እንግሊዝኛ እንደማያነቡ አስተባባሪዋ ቀደም ብላ ስለጻፈች ነው።

እኔም ደስ ብሎኝ በአቅራቢያችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ ፕሪንት አስደረግኩና ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ያን ዕለት ማታም ማጠቃለያውን አስረከብኩ። በማግስቱ መምህራችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ “እሺ፣ ከእኛ የሚጠብቁት ምንድን ነው?” ዝም አልኩ። ግማሽ ገጽ ሙሉ ጽፌ ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ መስመር አልነበረውም።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የንባብ አቅጣጫ ነበር። ኢ-ሜይል ሲመላለስ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች ይከማቻል። ከላይ ጀምሮ ያነበበ ሰው የነገሩን መጨረሻ መጀመሪያ ያገኛል። የመጨረሻው መልእክት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የእኛ አሥራ ዘጠነኛው፣ “ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እንግዲህ የአዲስ አበባን መልስ እንጠብቃለን” ከማለት ሌላ ምንም አልያዘም። የምን መልስ? እሱ ያለው አሥራ አራተኛው መልእክት መሐል ነበር። ፕሮግራም አቅራቢው ስለ ሙዚቃ ምርጫ ሁለት አንቀጽ ከጻፈ በኋላ እግረ መንገዱን፣ እስከ ሐሙስ መጋቢት 27 እኩለ ቀን ድረስ መልስ ካልደረሰው ሰዓቱን ለሌላ ፕሮግራም እንደሚሰጥ አስቀምጦታል። መጋቢት 27 ያልኩት የእነሱን ማርስ ነው፤ በእኛ መጋቢት 18 ይሆናል። እኔ መምህራችን ፊት የቆምኩት ረቡዕ መጋቢት 17 ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቀርቶን ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር ከታች ወደ ላይ ሠራሁ። መልእክቶቹን ከ1 እስከ 19 ቁጥር ሰጠኋቸውና ለእያንዳንዱ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ የትኛውን ነው የሚመልሰው ብዬ በደብተሬ ላይ አንድ አንድ መስመር ያዝኩ። ሦስተኛው ጥያቄ ትርፍ ይመስላል እንጂ አይደለም። ለምሳሌ ዘጠነኛው መልእክት የመለሰው ስምንተኛውን ሳይሆን ስድስተኛውን ነበር። ጸሐፊው ስምንተኛውን ገና ሳያይ ነው የጻፈው፤ ስለዚህ “እስማማለሁ” ያለው ከየትኛው ሐሳብ ጋር እንደሆነ ያለዚህ መስመር አይታወቅም። ቁጥሩ ራሱ አንድ ጊዜ አሳስቶኛል። ሰባተኛው መልእክት በመምህራችን ሣጥን ውስጥ የተጻፈበት ሰዓት 11:20 ይላል፤ ሌላ ሰው ጠቅሶ ሲመልስበት ደግሞ 09:20 ይላል። ሁለት መልእክት መስሎኝ ለየብቻ ቆጠርኳቸው። አንድ ነው። የተጠቀሰ መልእክት ራስጌ ላይ ያለው ሰዓት የሚጻፈው በጠቃሹ ኮምፒውተር የአገር ሰዓት ነው። በዚያ ሳምንት ፈረንሳይ ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነበረች።

ቀጥሎ ያለው እስካሁን ሲታወሰኝ ያስቀኛል። በአሥራ አንደኛው መልእክት አስተባባሪዋ ሦስት ነጥቦች ዘርዝራለች፤ ስለ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ኪራይ፣ ስለ አስተርጓሚ ክፍያና ስለ ፕሮግራሙ ቅጂ። አሥራ ሦስተኛው የገንዘብ ያዧ ነው። ከላዩ ላይ አንዲት መስመር ብቻ አለች፦ “መልሶቼን በጽሑፉ ውስጥ በቀይ አስገብቻለሁ።” እኔ ይችን መስመር የሰላምታ ቢጤ አድርጌ አለፍኳት። ፕሪንቱ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው! ቀዩ ሁሉ ጠቁሮ የአስተባባሪዋ ጽሑፍ መስሏል። ከመጀመሪያው ነጥብ በታች “ለዚህ የሥራ ዘመን አይቻልም” የሚል መስመር አለ። ከሁለተኛው በታች “ይቻላል፣ ቢበዛ 150 ዩሮ” ይላል። ከሦስተኛው በታች “በነጻ” ይላል። እኔ እያንዳንዱን መስመር ከበታቹ ላለው ነጥብ እንደ መግቢያ አነበብኩት። በዚህ የተነሳ መልሶቹ ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረዱ። አስተርጓሚ አይቻልም፣ ቅጂው 150 ዩሮ ያስከፍላል፣ “በነጻ” የሚለው ደግሞ የሚያርፍበት አጥቶ ቀረ። የስቱዲዮው ነጥብ ያለ መልስ ተንጠለጠለ። የማያርፍ ቃል ሲገኝ አንባቢው የሆነ ቦታ ላይ ተሳስቷል ማለት ነው፤ እኔ ግን ቃሉን ዝም ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ኮምፒውተር ላብ ገብቼ በስክሪን ሳየው ቀዩ ቀይ ሆኖ ቁጭ ብሏል። በስክሪንም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጂሜይል የተጠቀሰውን አሮጌ ጽሑፍ በሦስት ነጥቦች ሥር ይደብቀዋል። እሱን ካልከፈቱት እንዲህ መሐል የገባ መልስ ጭራሽ ላይታይ ይችላል።

ከቅደም ተከተሉ የባሰብኝ ግን ግሱ ነው። አስተባባሪዋ ስለ ስቱዲዮ ኪራዩ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት መጠንቀቂያዎች አሉ። ግሱ “ፑቮን” ማለትም “እንችላለን” ሳይሆን “ፑርዮን” ነው፤ “እንችል ይሆናል” እንደ ማለት። አጠገቡ “ኤቫንቱኤልማን” የሚል ቃል አለ። መጨረሻው ላይ ደግሞ “ሱ ሬዘርቭ” ብላ ገንዘብ ያዧ ካጸደቀችው የሚል ሁኔታ አስቀምጣለች። እኔ “ኤቫንቱኤልማን”ን ሳይ የእንግሊዝኛው “ኢቨንቹዋሊ” ትዝ አለኝና “በመጨረሻ” ብዬ ተረጎምኩት። የፈረንሳይኛው ትርጉም “ምናልባት” ነው። ከዚያም ማጠቃለያዬ ላይ “የስቱዲዮ ኪራዩን በመጨረሻ እነሱ ይሸፍናሉ” ብዬ ጻፍኩ። ከሦስቱ መጠንቀቂያዎች አንድም አልተረፈም። ጽሑፌን ማታውኑ ያነበበ አንድ የክበባችን ልጅ ሮጦ ሄዶ ለአንድ ስቱዲዮ ከኪሱ 500 ብር ቀብድ ከፈለ። ገንዘቡ አልተመለሰለትም። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

አማርኛ ለዚህ ችግር የሚሆን መሣሪያ አጥቶ አይደለም። “ይሸፍናሉ”፣ “ሊሸፍኑ ይችላሉ”፣ “ለመሸፈን ሐሳብ አቅርበዋል”፣ “ገንዘብ ያዧ ከፈቀደች እንሸፍናለን ብላለች” እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ነገር ናቸው። የሚያስቸግረው ማሳጠሩ ነው። ሰው ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚጥለው እነ “ምናልባት”ን እና እነ “ከሆነ”ን ነው፤ ትናንሽ ስለሆኑ። አሁን የምሠራበት ዘዴ ተቃራኒው ነው። ከእያንዳንዱ መልእክት መጀመሪያ ዋናውን ግስ አወጣና ወሰኑ፣ ሐሳብ አቀረቡ፣ ጠየቁ፣ ወይስ ቃል ገቡ ብዬ ከአራቱ አንዱን ጎኑ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ነው ሌላውን የማሳጥረው። ወደ አማርኛው ሲገባም “ወስነዋል” የምለው የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው ሲናገር ብቻ ነው። በእኛ ጉዳይ ስለ ገንዘብ የአስተባባሪዋ “እንችል ይሆናል” ሐሳብ ነው፤ የገንዘብ ያዧ “አይቻልም” ግን ውሳኔ ነው።

የአማርኛ ግስ ሌላም ነገር ያስገድዳል፤ ጾታ። እንግሊዝኛውን ስናነብ አስተባባሪዋ ወንድ ትሁን ሴት አናውቅም ነበር። ስሟ እንደ ዶሚኒክ ወይም ካሚይ ለሁለቱም ጾታ ከሚሆኑት ስሞች አንዱ ነው። በመጀመሪያው ማጠቃለያዬ በግምት “ብሏል”፣ “ጠይቋል” እያልኩ ሄድኩ። መልሱ ስምንተኛው መልእክት ውስጥ ነበር። ዘግይታ ስለመለሰች ይቅርታ ስትጠይቅ “ዴዞሌ” ብላ ጽፋለች። ወንድም ሴትም ሲናገሩት ድምፁ አንድ ነው፤ ሴት ስትጽፈው ግን መጨረሻው ላይ አንድ ተጨማሪ ኢ ፊደል አለ። ያቺ ፊደል ናት “ብላለች” እንድል ያደረገችኝ።

ሌላም የማይሰማ ፊደል አለ። በአሥራ ስድስተኛው መልእክት መምህራችንን “ቩ” እያለች ፕሮግራሙ ላይ እንደምትጠብቃቸው ጽፋለች። “ቩ” እርስዎም ነው፣ እናንተም ነው። መምህራችን እሳቸው ብቻቸውን የተጋበዙ መስሏቸው ነበር። ግን “አታንዱ” የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ኤስ አለ፤ ይህ የብዙ ቁጥር ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ መምህራችን ራሳቸው በሦስተኛው መልእክት ሁለት ተማሪዎች እንዲናገሩ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ስለዚህ “እናንተ” ነው። ሆኖም አንዲት ፊደል በችኮላ ልትጻፍም ልትዘለልም ትችላለች። በዚህ ብቻ ተማምኖ መወሰን አይገባም ብዬ በመልሱ ላይ በቀጥታ ለማረጋገጥ ያዝኩት።

ሰዓቱን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ቴክኒሻኑ የሙከራ ስልክ ዓርብ መጋቢት 19፣ በእነሱ ማርስ 28፣ በ14 ሰዓት እንደሚደውል ጽፏል። ፕሮግራሙ ራሱ ረቡዕ መጋቢት 24፣ በእነሱ አፕሪል 2፣ እንደገና በ14 ሰዓት ነው። ሁለቱም 14 ናቸው፤ በእኛ ግን አንድ አይደሉም! አውሮፓውያኑ ሰዓታቸውን በማርስ የመጨረሻው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጉታል። በዚያ ዓመት ይህ እሑድ መጋቢት 21 ዋለ። ከእሑዱ በፊት በእኛና በእነሱ መካከል ሁለት ሰዓት ነበር፣ ከእሑዱ በኋላ አንድ ሰዓት ሆነ። ስለዚህ የዓርቡ 14 ሰዓት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር የአዲስ አበባ 16 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት። የረቡዑ 14 ግን የአዲስ አበባ 15 ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት። በዓርቡ ልምድ ረቡዕ በ10 ሰዓት ብንገኝ ኖሮ ፕሮግራሙ አልቆ ነበር። የሐሙሱ እኩለ ቀን ገደብም በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት እንጂ 6 ሰዓት አይደለም።

እንግዲህ ለመምህራችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያስረከብኩት ሁለተኛው ማጠቃለያ ይህ ነው። በቅንፍ ያሉት የመልእክቶቹ ቁጥሮች ናቸው፤ መምህራችን የተጠራጠሩትን ራሳቸው ከፍተው እንዲያዩ ያስገባኋቸው ነው።

“ከእኛ የሚጠበቅ፦ ሰዓቱን መያዝ አለመያዛችንን እስከ ነገ ሐሙስ መጋቢት 18 ከቀኑ 8 ሰዓት ድረስ እንድናሳውቅ ፕሮግራም አቅራቢው ጠይቋል። ካልመለስን ሰዓቱን ለሌላ ይሰጣል (14)። ቴክኒሻኑ ከየት ሆነን እንደምንናገርና የስልክ ቁጥራችንን ይፈልጋል (15)። አስተባባሪዋ አስተርጓሚ እንፈልግ እንደሆነ ጠይቃለች (16)።

በእነሱ በኩል የተወሰነ፦ ፕሮግራሙ ረቡዕ መጋቢት 24 ከቀኑ 9 ሰዓት (12)፤ የሙከራ ስልክ ዓርብ መጋቢት 19 ከቀኑ 10 ሰዓት፣ የሚደውሉት እነሱ ናቸው (7)። የስቱዲዮ ኪራይ አይሸፍኑም። ለአስተርጓሚ እስከ 150 ዩሮ ይሸፍናሉ። ቅጂ በነጻ ይልካሉ (13)።

ያልተለየ፦ ተናጋሪዎቹ ሁለት ስለመሆናቸው (16)። የአስተርጓሚውን ክፍያ ለሰውዬው በቀጥታ ይክፈሉት ወይስ በእኛ በኩል ይለፍ አልተጻፈም።”

ስለ ሙዚቃው ምርጫ አምስት መልእክት ሙሉ ተከራክረዋል፤ አንድ ቃል አላስገባሁም። ክርክሩ የእነሱ ነው፣ ለእኛ የቀረበ ጥያቄ የለበትም። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉም አስደሳቹ ክፍል እሱ ነበርና መተዉ ቅር አሰኝቶኛል።

ወደ መልሱ ልለፍ። የመጀመሪያው ረቂቄ አንድ ገጽ ሞላ። በአማርኛ አስቤ በፈረንሳይኛ ስለጻፍኩት፣ ለጤናቸው እንደምን እንደሰነበቱ ጠይቄ፣ ስለዘገየንበት ሁለት ጊዜ ይቅርታ ብዬ፣ ስለ ክበባችን አመሠራረት አስረድቼ፣ “እሺ” የሚለው የመጣው አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው። መምህራችን አነበቡና፣ “ጥያቄያቸው ሦስት ነው፣ ያንቺ መልስ ስንት ነው?” አሉኝ። ከማጠቃለያው ላይ “ከእኛ የሚጠበቅ” የሚለውን አንቀጽ ወስጄ እንደገና ጀመርኩ። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር መልስ አገኘ፤ “ያልተለየ” ከሚለው ሁለት ጥያቄ ተጨመረ። ሌላ ምንም የለውም።

ፈረንሳይኛውን በእኛ ፊደል ብጽፈው ለማንም ስለማይጠቅም ሐሳቡን እነሆ። “ቦንዡር ማዳም” ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ፦ “ረቡዕ አፕሪል 2 በ14 ሰዓት በፓሪስ ሰዓት፣ በአዲስ አበባ 15 ሰዓት፣ እንደምንገኝ እናረጋግጥልዎታለን። የዓርብ ማርስ 28ን የሙከራ ስልክ በፓሪስ 14፣ በአዲስ አበባ 16 ሰዓት፣ ከዚህ በታች ባለው ቁጥር ከኮሌጃችን ስቱዲዮ ሆነን እንቀበላለን። የሚናገሩት ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው፤ እርስዎም እንደዚሁ የጠበቁ እንደሆነ ቢነግሩን። የአስተርጓሚውን ሐሳብ በደስታ እንቀበላለን፤ ክፍያው ለአስተርጓሚው በቀጥታ የሚፈጸም መሆኑን ቢያስረዱን።” መዝጊያው “ኮርዲያልማን” የምትል አንዲት ቃል፣ ከዚያ የመምህራችን ስም ነው።

ሰዓቱን በእነሱ የ24 ሰዓት አጻጻፍና በሁለቱም ከተማ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። “9 ሰዓት” ብል ኖሮ እነሱ ጠዋት ያደርጉት ነበር። ሁለቱ ከተሞች ጎን ለጎን ከተጻፉ ደግሞ እኔ ስሌቱን ብሳሳት እንኳ አንባቢዋ ልዩነቱን አይታ ታርመኛለች። ሌላው “ኮንፊርሞን” ማለትም “እናረጋግጣለን” የሚለው ግስ ነው። በፈረንሳይኛ የሥራ ደብዳቤ ይህ ቃል ግዴታ ያስገባል፤ አንዴ ከተላከ የሚጠበቁት መምህራችን እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ በረቂቁ ላይ ይህን ግስና የስቱዲዮውን ቦታ አሰመርኩባቸውና፣ “ይህን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት” ብዬ በእርሳስ በአማርኛ ጻፍኩበት። መምህራችን ስቱዲዮውን ከዲፓርትመንቱ አስፈቅደው ሁለቱንም አጸደቁ። መልሱ ለአስተባባሪዋ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንዲላክም አሳሰብኳቸው፤ ገደቡን ያስቀመጠው ፕሮግራም አቅራቢው፣ ስልኩን የሚደውለው ደግሞ ቴክኒሻኑ ነውና።

ደብዳቤው ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሄደ። ምላሹ ከምሳ በፊት መጣ። “ሴ ኖቴ” ይላል፤ “ተመዝግቧል” ማለት ነው። ከሥሩ ሁለት ተጨማሪ መስመሮች ነበሩት፦ ሁለት ሰው ትክክል ነው፣ አስተርጓሚውን እኛ በቀጥታ እንከፍላለን። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ ሁለት ደቂቃ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ቴክኒሻኑ በእንግሊዝኛ “ሄሎ” ብሎ ጀመረና ወዲያው ወደ ፈረንሳይኛው ዞረ። ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ።